ጆብ ፌር ላይ የትኛው ቡዝ ይቅደም? ባንኩ፣ መካከለኛው ድርጅት፣ ኤጀንሲው ወይስ ማሠልጠኛው?

መስቀል አደባባይ አካባቢ ጆብ ፌር በተዘጋጀ ቁጥር ሰልፉ የት እንደሚረዝም ገና ከበሩ ይታወቃል፤ ባንኮቹ ጋ ነው። ስማቸውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ባነራቸው ትልቅ ነው፣ እስክሪብቶና ቦርሳም ያድላሉ። ከእነሱ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ግን አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው አስመጪ ወይም ፋብሪካ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። እኔ ስድስት ዓመት በሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ፤ አራት ጊዜ ደግሞ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ሲቪ ተቀብያለሁ። ሥራ ፈላጊው ጠዋቱን ሙሉ የሚያሳልፍበት ቡዝና ሥራ የሚገኝበት ቡዝ ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

ቡዞቹን ከማነጻጸራችን በፊት ጊዜያችሁን አስሉት። በሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ እስከ 11 ሰዓት ይቆያል ቢባልም፣ ቁም ነገር የሚነገርበት ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ድርጅቶች የሥራ ክፍል ኃላፊዎቻቸውን የሚልኩት ለመክፈቻው ነው። ለምሳ የወጣ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወደ ቢሮው ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ቡዙን የሚጠብቁት ብሮሹር የሚያድሉ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ሦስት ሰዓት ነው ብላችሁ ያዙት። አሁን አንድ የባንክ ሰልፍ ውሰዱ። 30 ሰው ከፊታችሁ ተሰልፏል፤ የሚያስተናግዱት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ይሰጣሉ እንበል። ተራችሁ እስኪደርስ 45 ደቂቃ ይሄዳል። ሁለት ባንክ ጋ ከተሰለፋችሁ ከሦስቱ ሰዓት ግማሹ አለቀ፤ የሰማችሁት ግን የስድስት ደቂቃ ንግግር ነው።

ሰልፍ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አዳራሹን አንድ ጊዜ ባዶ እጃችሁን ዙሩት። አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። በዚህ ዙር የምታዩት ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ቡዙ ላይ የክፍት ሥራ መደብ ዝርዝር ተለጥፏል ወይ? የመደቡ መጠሪያ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛትና የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ከተጻፈ ድርጅቱ የመጣው ለመቅጠር ነው። «የነገ መሪዎችን እንፈልጋለን» የሚል ባነር ብቻ ከሆነ ግን የመጣው ስሙን ለማስተዋወቅ ነው። ሁለተኛ፣ የቆመው ሰው ማነው? ደረቱ ላይ ባጅ ካለ የሥራ ክፍሉን አንብቡ፤ ከሌለም መጠየቅ ነውር የለውም። ሦስተኛው ደግሞ ሲቪ ሲቀበሉ እጃቸው የሚያደርገው ነገር ነው። ተቀብለው አንብበው ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ ወይስ ሳያዩት ካርቶን ውስጥ ይከታሉ?

ይህን ሦስተኛውን አጥብቄ የምናገረው በገዛ ዓይኔ ስላየሁት ነው። የምሠራበት ድርጅት አንድ ዓመት ክፍት መደብ ሳይኖረው ጆብ ፌር ላይ ተሳተፈ፤ ቦታው ቀድሞ ተከፍሎበት ስለነበር መቅረት አልተፈለገም። በሁለት ቀን ሦስት ካርቶን ሲቪ ሰበሰብን። አንዳንዱ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት፣ የትምህርት ማስረጃው በቀለም የታተመ ነበር። ለዚያ ኮፒ የወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል። ካርቶኖቹ መዝገብ ቤት ጥግ ተቀመጡ። ከአምስት ወር በኋላ ሰው ስንፈልግ ማስታወቂያ አውጥተን እንደ አዲስ ማመልከቻ ተቀበልን እንጂ ካርቶኖቹን የከፈተ አልነበረም። ካርቶን ያያችሁበት ቡዝ ላይ ሲቪያችሁን አታባክኑ፤ «ማመልከቻ በየት በኩል ነው የሚገባው? መቼስ ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁና እለፉ።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ እንየው። የአክስቴ ልጅ በአካውንቲንግ የተመረቀችው በ2016 ዓ.ም. ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፋለች፣ ውጤቷ 2.9 ነው፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ስምንት ወር በገንዘብ ያዥነት ሠርታለች፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ደግሞ በአጭር ሥልጠና ተምራለች። ለጆብ ፌሩ ስትዘጋጅ ሐሳቧ ከባንክ ወደ ባንክ መዞር ነበር። ማታ ቤታቸው ቁጭ ብለን ቡዞቹን በአራት ከፈልናቸው፤ በየትኛው ሰዓት ማን ጋ እንደምትሄድና ምን ይዛ እንደምትመለስም ተስማማን። ቅደም ተከተሉ እሷ ካሰበችው ተቃራኒ ሆነ።

መካከለኛው ድርጅት፦ ጠዋት 3 ሰዓት

አስመጪ፣ አምራች ፋብሪካ፣ ተቋራጭ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። እነዚህን ያስቀደምነው ባንክ የሌለው አንድ ነገር ስላላቸው ነው። ሲቪውን የሚያየው ሰውና አብሯችሁ የሚሠራው ሰው አንድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሃምሳና መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለምልመላ ብቻ የተመደበ ቡድን ስለማይኖረው የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ ይመጣል። እሱ ደግሞ ለምሳ ሲወጣ ይሄዳል፤ ስለዚህ መቅደም አለበት።

እንዲህ ዓይነት ቡዝ ላይ «ክፍት ሥራ አለ?» ብሎ መጀመር ንግግሩን ያሳጥረዋል። መልሱ አለ ወይም የለም ነው። የአክስቴ ልጅ አንድ የማሸጊያ ፋብሪካ ቡዝ ላይ ስትደርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጦ ነበር። ዝርዝሩ ላይ «ጀማሪ አካውንታንት፣ ብዛት 2» ይላል። ሰላምታ ሰጥታ፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ከፋይናንስ ክፍል ነዎት?» አለችው። ነኝ አላት። «የሚቀጠረው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በምን ሥራ ላይ ነው የሚያሳልፈው?» ስትለው ደብተሩን ዘጋና ማስረዳት ጀመረ። ሽያጩ በአምስት የባንክ ሂሳብ ነው የሚገባው፤ ደንበኛው ገንዘብ ያስገባና የገቢ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ከወር ወር የባንክ መግለጫውና የእኛ መዝገብ አይገጥምም፤ የሚቀጠረው ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ይህን ማስታረቅ ነው። የሚጠቀሙት ፒችትሪ ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ለማዘጋጀት የግዢ ደረሰኞችን መለየት ነው።

እዚህ ጋ የተገኘውን ተመልከቱት። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 0–1 ዓመት ልምድ» ከማለት አያልፍም። እሷ ግን ቡዙን ስትለቅ ድርጅቱ ምን እንደቸገረው፣ በምን እንደሚሠራና ፈተና ካለ ከምን እንደሚመጣ አውቃለች። እሷም በተራዋ መደብሩ ውስጥ በየማታው የባንክ ገቢና የእጅ በእጅ ሽያጭ ታስታርቅ እንደነበር ነገረችው። ሲቪዋ ላይ «ገንዘብ ያዥ» ብቻ ስለሚል ይህ በወረቀት አይታይም ነበር። ሰውዬው ሲቪዋን ተቀብሎ ጠርዙ ላይ «ባንክ ማስታረቅ» ብሎ ጻፈ። ንግግሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ከዚህ ዓይነት ቡዝ ሳትወጡ የምትይዟቸው ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የሥራ ቦታው ነው። ቢሮው ሜክሲኮ ሆኖ ሥራው ዱከም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቪስ ከሌለ የትራንስፖርቱ ወጪ ደመወዙን ይበላዋል። ሁለተኛው መደቡ የተከፈተበት ምክንያት ነው። ሥራው ስለሰፋ ነው ወይስ የነበረው ሰው ለቅቆ? «ለቅቆ ነው» ከተባላችሁ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ በትህትና ጠይቁ። በዓመት ውስጥ ሦስት ሰው የተፈራረቀበት ወንበር ከሆነ ያን ማወቅ ከደመወዙ በፊት ይመጣል።

የዚህ ዓይነቱ ድርጅት ደካማ ጎንም ግልጽ ነው። የሚፈልገው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ አንዳንዱ የደመወዝ ደረጃ የለውም፤ ዕድገትም በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠልበት አለ። ይህን እያወቃችሁ ነው የምትመርጡት።

ባንክ፦ ከሰዓት በኋላም ይደርሳል

ባንክ መጥፎ ምርጫ ነው እያልኩ አይደለም። ለአዲስ ምሩቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቀጥር፣ ደረጃና ጥቅማ ጥቅሙ የታወቀ ተቋም ነው። ነገር ግን ባንክ ጆብ ፌር ላይ ቆሞ ሰው አይመርጥም። ማመልከቻው በድረ ገጽ ወይም በማስታወቂያ ይገባል፣ በውጤትና በምረቃ ዓመት ይጣራል፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና ይመጣል። ቡዙ ላይ ያለው ወጣት እናንተን ቢወድም ቢጠላም ማጣሪያውን አይለውጠውም። የሚነግራችሁ ነገርም ጠዋት 3 ሰዓትም ሆነ ከሰዓት 9 ሰዓት ያው ነው። ሰልፉ ሲመናመን መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከባንክ ቡዝ ይዛችሁ የምትወጡት ማጣሪያውን ነው። ዝቅተኛው የመመረቂያ ውጤት ስንት ነው? ከየትኛው ዓመት ወዲህ የተመረቀ ነው የሚቀበሉት? ወንድና ሴት አመልካቾች የተለያየ መነሻ ውጤት አላቸው ወይ? ፈተናው ከምን ከምን ይወጣል? ከተቀጠሩ በኋላ አዲስ አበባ ነው ወይስ ክልል ቅርንጫፍ ሊመደቡ ይችላሉ? ገንዘብ የሚነካ መደብ ከሆነ ደግሞ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱ ምን ዓይነት ሠራተኛ መሆን እንዳለበትና ደመወዙ ስንት መድረስ እንዳለበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈተና አልፎ፣ ቃለ መጠይቅ አልፎ፣ ዋስ በማጣት የቀረ ልጅ አውቃለሁ። ዘመዶቹ ሁሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ባንኩ ደግሞ የሚቀበለው የደመወዝተኛ ዋስ ብቻ ነበር። ቀደም ብሎ ቢያውቅ አንድ ሰው ለመለመን ሁለት ወር ነበረው።

የአክስቴ ልጅ ሦስት ባንኮች ጋ ከ8 ሰዓት በኋላ ሄደች፤ ሰልፉ አራት አምስት ሰው ነበር። አንደኛው ከ3.0 በታች እንደማይቀበል ነገራት፤ ሰረዘችው። ሁለተኛው 2.75 በቂ እንደሆነና ማስታወቂያው በቅርቡ እንደሚወጣ ነገራት። ሦስተኛው ቡዝ ላይ የነበሩት ስለ ቁጠባ ሂሳብ መክፈት ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ በሁለት ደቂቃ ወጣች።

ኤጀንሲው፦ ውሉ የማን ነው?

ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲዎች ቡዛቸው ላይ የሚሰቅሉት የትልልቅ ደንበኞቻቸውን ስም ነው። ሰው የባንክ ወይም የትልቅ ኩባንያ ሥራ መስሎት ይሰለፋል። ሥራው እዚያ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣሪው ግን ኤጀንሲው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውል የምፈርመው ከማን ጋር ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ፣ ደንበኛው ድርጅት ከኤጀንሲው ጋር ያለውን ውል ቢያቋርጥ የእኔ ሥራ ምን ይሆናል? ሌላ ቦታ ይመድቡኛል ወይስ ያሰናብቱኛል? ቡዙ ላይ ያለው ሰው ይህን ለመመለስ ከተጨነቀ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የገንዘቡን ነገር እዚህ ጋ ጠለቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ማነጻጸሩ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማሸጊያ ፋብሪካው 12,000 ብር ጠቅላላ ደመወዝ አለ። ኤጀንሲው ደግሞ «9,000 ብር እጅ ላይ የሚደርስ» አላት። ለጆሮ ፋብሪካው በ3,000 ብር የሚበልጥ ይመስላል። አስሉት። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። 12,000 ብር ላይ ሲሰላ 300፣ 600፣ 750 እና 600 ይሆናል፤ ድምሩ 2,250 ብር ግብር ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ሆነ። ኤጀንሲው በ90 ብር በለጠ ማለት ነው።

ግን ነገሩ እዚህ አያበቃም። «እጅ ላይ 9,000» የሚል ቀጣሪ ውሉ ላይ የሚጽፈው ደመወዝ ስንት ነው? ቀጣሪው ለጡረታችሁ የሚያዋጣው 11 በመቶ የሚሰላው በዚያ በተጻፈው ደመወዝ ነው። ውሉ ላይ 5,000 ተጽፎ ቀሪው «አበል» እየተባለ የሚሰጥ ከሆነ፣ ዛሬ ኪሳችሁ የሚገባው እኩል ቢሆንም ጡረታው ይመነምናል፤ አበሉም በማንኛውም ጊዜ ይነሳል። የአክስቴ ልጅ «ውሉ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ስንት ነው? ጡረታስ ይከፈላል?» ስትል የተሰጣት መልስ «እሱን ቢሮ ስትመጪ» የሚል ነበር። ደብተሯ ላይ እንደዚያው ጻፈችው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል የለበትም። «ለፎርም»፣ «ለምዝገባ» ወይም «ለባጅ» ብር የጠየቃችሁ ቡዝ ካለ አትክፈሉ፤ ከአዘጋጆቹ አንዱን ፈልጋችሁ ንገሩ። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ኤጀንሲም ይሁን ፋብሪካ «ስድስት ወር ሙከራ» የሚላችሁ ከሆነ ሕጉን አላየውም ወይም እናንተ አላያችሁትም ብሎ ገምቷል።

ለውጭ አገር ሥራ የሚመዘግቡ ኤጀንሲዎች ሌላ ሕግና ሌላ ጥንቃቄ ያላቸው ስለሆኑ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ናቸው። ፈቃዳቸውን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳታረጋግጡ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። ሚኒስቴሩ ወይም የከተማው ቢሮ ቡዝ ካለው ደግሞ lmis.gov.et ላይ መመዝገብን እዚያው ጠይቁ፤ ራሳችሁ ስትሞሉ የሚያስቸግረውን ነገር በአካል መጠየቅ ይቀላል።

ማሠልጠኛው፦ መጨረሻ፣ ያውም ካስፈለገ

የማሠልጠኛ ተቋም ቡዝ የሚሸጥ ነገር ይዞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ወንበር ይሰጣችኋል፣ ጊዜም አለው። መጨረሻ ላይ የምትሄዱበት ምክንያት ቀላል ነው። ምን መማር እንዳለባችሁ የሚነግሯችሁ ቀጣሪዎቹ እንጂ ሻጩ መሆን የለበትም። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ከጎበኘቻቸው አራት መካከለኛ ድርጅቶች ሦስቱ ፒችትሪ ሲጠይቁ፣ አንዱ ከኤክሴል ሌላ ምንም አልጠየቀም። ማሠልጠኛው ግን በብዙ ሺህ ብር የስድስት ወር ኮርስ ነበር ያቀረበላት። ከጠዋት ጀምሮ ያን ኮርስ የጠየቀ አንድም ቀጣሪ ስላልነበረ መወሰን አልከበዳትም። «ከተመረቃችሁ ሥራ እናስይዛለን» ለሚሏችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፤ ባለፈው ዙር ከጨረሱት ስንቱ፣ የት ተቀጠሩ? ቁጥርና የድርጅት ስም ካልመጣ ብሮሹሩን ተቀብላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ማታ ቤት ስትገቡ

በየቡዙ የሰማችሁት ነገር ከአምስተኛው በኋላ ይደባለቃል። ከእያንዳንዱ ቡዝ ወጥታችሁ ግድግዳ ጥግ ቆማችሁ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ማን አናገረኝ፣ ምን ቸግሯቸዋል፣ ቀጣዩ እርምጃ መቼ ነው። የአክስቴ ልጅ ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ቆማ ደብተሯን ስትገልጥ ከአሥራ አንድ ቡዝ የቀሩላት ሦስት ነበሩ፤ ማሸጊያ ፋብሪካው፣ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይና 2.75 የሚቀበለው ባንክ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለፋብሪካው ኃላፊ አጭር ኢሜይል ላከች። «ዛሬ ጠዋት ስለ አምስቱ የባንክ ሂሳቦች የነገሩኝ ነኝ» ብላ ጀመረችና ሲቪዋን አያያዘች፤ ሲቪው ላይም «ገንዘብ ያዥ» ከሚለው ሥር «በየዕለቱ የባንክ ገቢና የእጅ በእጅ ሽያጭ ማስታረቅ» የሚል መስመር ጨምራ ነበር። ቀጥሎ የነበሩትን ማታዎች የድሮ መደብሯን ዓይነት መዝገብ በኤክሴል እየሠራች ከባንክ መግለጫ ጋር ማገጣጠም ተለማመደች። በስድስተኛው ቀን ተጠራች። ፈተናው የአንድ ወር የባንክ መግለጫና የአንድ ወር የገንዘብ መዝገብ ነበር፤ ልዩነቱን አግኝታ ምክንያቱን እንድትጽፍ አርባ ደቂቃ ተሰጣት።